ማሽላ ወይስ ጤፍ? ዝናቡን ሳያውቁ መወሰን

በምሥራቅ አማራ ቆላማ አካባቢዎች ገበሬው ክረምቱ ሳይገባ መቁረጥ ያለበት ነገር አለ። ረጅም ጊዜ የሚወስደው ማሽላ ሚያዝያና ግንቦት ላይ መዘራት አለበት። ዝናቡ ከቀናለት እህሉ ለቤት፣ አገዳው ለከብት ይተርፋል፤ ዝናቡ ቀድሞ ከወጣ ግን ሳያፈራ ይደርቃል። ቶሎ የሚደርሰው ጤፍ ደግሞ እስከ ሐምሌ ይጠብቃል፤ በደጉ ዘመን የሚያስገኘው ያንሳል፣ በክፉው ዘመን ግን ባዶ እጅ አያስቀርም።

ነገሩን ለማስላት እንዲያመች ቁጥር እንስጠው። ቁጥሮቹ ለምሳሌ ያህል የተቀመጡ ናቸው። አንድ ማሳ በማሽላ ከተሸፈነ፣ ወጪው ተቀንሶ፣ ዝናቡ ጥሩ ሲሆን 60,000 ብር፣ መካከለኛ ሲሆን 40,000 ብር ያስገኛል፤ ዝናቡ ሲያጥር ግን 10,000 ብር ያከስራል። ጤፍ በዚያው ቅደም ተከተል 40,000፣ 30,000 እና 15,000 ብር ያስገኛል።

አሁን አንድ ሰው መጥቶ ማሳውን ለዓመቱ በ25,000 ብር ልከራይህ፣ ገንዘቡንም ዛሬ ልቁጠርልህ ቢለው፣ ገንዘቡ እጁ ከገባ በኋላ ዝናቡ ቢመጣም ቢቀርም ለገበሬው ያው ነው። ውጤቱ አስቀድሞ የታወቀ ምርጫ በእርግጠኝነት የሚደረግ ውሳኔ ይባላል። ብዙ ማብራሪያ አይፈልግም።

ውጤቱ ባይታወቅም የእያንዳንዱ ዕድል ምን ያህል እንደሆነ ሲታወቅ ነገሩ ስጋት ይሆናል። የኢትዮጵያ ሜትዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት የወቅት ትንበያውን ሲያወጣ ዝናቡ ከመደበኛ በላይ፣ መደበኛ ወይም ከመደበኛ በታች የመሆን ዕድሉን በመቶኛ ያስቀምጣል። እንበልና የአካባቢው ትንበያ 20፣ 40 እና 40 በመቶ ነው። እያንዳንዱን ውጤት በዕድሉ አባዝተን ስንደምር የሚጠበቀው ዋጋ ይገኛል።

ለማሽላ፦ 60,000 × 0.2 + 40,000 × 0.4 − 10,000 × 0.4 = 24,000 ብር
ለጤፍ፦ 40,000 × 0.2 + 30,000 × 0.4 + 15,000 × 0.4 = 26,000 ብር

ጤፍ በ2,000 ብር በለጠ። ግን 26,000 ብር የሚባል ምርት በየትኛውም ዓመት ወደ ጎተራ አይገባም፤ ቁጥሩ ብዙ ዓመታት ሲደመሩ የሚወጣ አማካይ ነው። ብዙ ማሳ ያለው ባለሀብት በአማካይ ሊመራ ይችላል፣ አንዱ ቢከስር ሌላው ይክሰዋልና። አንድ ማሳ ብቻ ያለው ገበሬ ግን የ10,000 ብር ኪሳራው በሬውን የሚያሸጠው ከሆነ፣ በሚቀጥለው ዓመት የሚያርስበት አይኖረውም፤ አማካዩን እስኪያገኝም አይቆይም። እንዲህ ያለው ሰው አነስተኛውን ግን አስተማማኙን ቢመርጥ ሒሳብ ስለማያውቅ አይደለም።

ትንበያውም ገደብ አለው። በዋናነት የሚናገረው ስለ ወቅቱ ጠቅላላ የዝናብ መጠንና ስለ ሰፊ አካባቢ ነው። አጠቃላዩ መደበኛ ሆኖ ማሽላው በሚያብብበት ሰሞን ዝናቡ ለረጅም ቀናት ቢቋረጥ ምርቱ ይጎዳል።

ትንበያ ባይኖርስ? አሜሪካዊው የኢኮኖሚ ምሁር ፍራንክ ናይት በ1921 ባሳተመው መጽሐፉ ዕድሉ የሚለካውን ስጋት ዕድሉ ከማይለካው ሁኔታ የለየው ለዚህ ነው። በዚህኛው የሚባዛ ዕድል ስለሌለ መመዘኛውን የሚመርጠው ሰውዬው ራሱ ነው። ኤብርሃም ዋልድ የቀመረው መንገድ የየምርጫውን ክፉ ውጤት አስተያይቶ ከክፉዎቹ የተሻለውን ይይዛል፤ 10,000 ከመክሰር 15,000 ማግኘት ይሻላልና ጤፍ ይመረጣል። ሦስቱም ዝናቦች እኩል ዕድል አላቸው ብሎ የሚነሣው ደግሞ ለማሽላ 30,000፣ ለጤፍ 28,333 ብር ገደማ ያገኝና ማሽላ ይዘራል። ማሳው አንድ፣ ቁጥሩ አንድ፣ መልሱ ግን ሁለት ነው። በእኔ እምነት ትልቁ ስሕተት የሚሠራውም እዚህ ላይ ነው፦ ያልታወቀን ዕድል እኩል ብሎ ወስዶ እንደ ተለካ ቁጥር መተማመን።

አጭር ፈተና

1. ገበሬው ስለ መጪው ክረምት ምንም ትንበያ አልደረሰውም። ውሳኔው ከሦስቱ የትኛው ነው?
2. ትንበያው 30፣ 40 እና 30 በመቶ ቢሆን የሁለቱ ሰብሎች የሚጠበቅ ዋጋ ስንት ነው?
3. በሁለተኛው ጥያቄ ትንበያ፣ ኪሳራ ቢደርስበት በሬውን መሸጥ ግድ የሚሆንበት ገበሬ ምን ይዝራ?

መልስ፦ የመጀመሪያው ዕድሉ የማይታወቅበት ውሳኔ ነው። በሁለተኛው ማሽላ 18,000 + 16,000 − 3,000 = 31,000፣ ጤፍ 12,000 + 12,000 + 4,500 = 28,500 ብር ይሆናሉ፤ በአማካይ ማሽላ ይበልጣል። በሦስተኛው ግን እኔ ጤፍ እላለሁ። የ2,500 ብር ብልጫ ከአሥር ሦስት ጊዜ በሬ ለማጣት ለሚያጋልጥ ምርጫ በቂ ዋጋ አይደለም።