ዶሮ ወጥ በእንግሊዝኛ ሲጻፍ

በእንግሊዝኛ ከሚዞሩት የቆዩ የዶሮ ወጥ አዘገጃጀቶች አንዱ ለአንድ ዶሮ ሁለት ኩባያ የተከተፈ ሽንኩርት ያዝዛል። ሽንኩርቱንም 5 ወይም 6 ደቂቃ አብስሉት ይላል። ሁለት ኩባያ የተከተፈ ሽንኩርት ቢመዘን 300 ግራም ቢሆን ነው። አዲስ አበባ ለበዓል ዶሮ የምትሠራ ባለሙያ ግን ለአንድ ዶሮ ከኪሎ ተኩል እስከ ሁለት ኪሎ ቀይ ሽንኩርት ትከትፋለች፤ ማቁላላቱም ከአንድ ሰዓት በላይ ይፈጅባታል። እንግሊዝኛውን አምኖ የሠራ ሰው የሚያገኘው በርበሬው ከውሃው ያልተዋሐደ ቀጭን መረቅ ነው። ወጡ የሚወፍረው በሽንኩርቱ ስለሆነ ሽንኩርቱ ሲቀንስ ወጥነቱም አብሮ ይቀንሳል።

አክስቴ ሜሪላንድ ላለችው የልጅ ልጇ «በእንግሊዝኛ ጻፍልኝ» ብላ ያስያዘችኝ አዘገጃጀት አምስት መስመር አይሞላም። ሽንኩርቱ በደንብ ይቁላላ፤ በርበሬው ይግባና ውሃ ጠብ እየተደረገ ይብሰል፤ አንድ ሲኒ ዘይት፤ ቅቤ፤ በ12 ብልት የወጣች ዶሮ፤ መከለሻ፤ እንቁላል። ለእሷ ይህ ሙሉ ነው። አንዲት ቃል ሳታጎድል ተናግራለች።

መጀመሪያ ያስቸገረኝ ሲኒዋ ናት። መዝገበ ቃላት ካያችሁ ሲኒ «ካፕ» ትባላለች። አሜሪካዊት አብሳይ ግን «ካፕ» ስትባል የምታነሣው 240 ሚሊሊትር የሚይዘውን መስፈሪያ ነው፤ የቡና ሲኒ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ መቶ እንኳ አይሞላም። ቃሉን ብቻ ብተረጉመው ልጅቷ ከሁለት እጥፍ በላይ ዘይት ታፈስ ነበር። መላው ቀላል ነው፦ የቤቱን ሲኒ ውሃ ሞልቶ መመዘን። አንድ ግራም ውሃ አንድ ሚሊሊትር ነው።

ጭልፋና እፍኝ ግን ሞልቶ በመመዘን አይያዙም፤ የአክስቴ ጭልፋ አንድ ጊዜ ሞልታ፣ ሌላ ጊዜ ጎድላ ትወጣለች። «ስንት ጭልፋ በርበሬ?» ብላት «እስኪያቀላው» አለችኝ። ስለዚህ የበርበሬውን ዕቃ እሷ ሳትነካው መዘንኩት፤ እንደ ልማዷ ስትጨምር ዝም ብዬ አየሁ፤ ከጨረሰች በኋላ የቀረውን መዘንኩ። ለኪሎ ተኩል ሽንኩርት መቶ ግራም አካባቢ ሆነ። ይህን ቁጥር ከሽንኩርቱ ነጥሎ መጻፍ ዋጋ የለውም። እሷ የምትለካው በርበሬውን ከፊቷ ካለው ቁሌት ጋር አስተያይታ ነውና በእንግሊዝኛውም ሁለቱ ክብደቶች አንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ መግባት አለባቸው። «ቺሊ ፓውደር» ብሎ መጻፍም አይሆንም፤ አሜሪካ ውስጥ በዚያ ስም የሚሸጠው ብዙውን ጊዜ ከሙንና ኦሬጋኖ የተቀላቀለበት ነው።

ትልቁ ጣጣ ማቁላላት ላይ ነው። እንግሊዝኛ ጽሑፎች ይህን ሥራ «ካራመላይዝ» ወይም «ሶቴ» ይሉታል። ሁለቱም አብሳይዋን መጀመሪያ ስብ እንድትጨምር ይነግሯታል። ከመነሻው በዘይት የተነከረ ሽንኩርት ደግሞ ይጠበሳል እንጂ ቶሎ አይፈርስም። አክስቴ ሽንኩርቱን ባዶ ድስት ላይ ነው የምትጥደው። ሽንኩርት አብዛኛው አካሉ ውሃ ስለሆነ መጀመሪያ በራሱ ውሃ ይንተከተካል፤ ውሃውን ሲጨርስ የድስቱን ቂጥ መያዝ ይጀምራል። ያኔ ጥቂት የፈላ ውሃ ጠብ አድርጋ የያዘውን ታላቅቀዋለች። ደግሞ ይደርቃል፤ ደግሞ ጠብ ታደርጋለች። እንዲህ እየተመላለሰ ነው ሽንኩርቱ ቡናማ ሆኖ የሚላቁጠው። ከመጀመሪያው ዘይት የሚጨምሩ ቤቶች የሉም አልልም፤ የእሷ ግን ይህ ነው፤ የምተረጉመውም የእሷን ነው።

«ውሃው ስንት ነው፣ እትዬ?» ብላት ሳቀች፤ «ጠብ ነው እንጂ ምን ስንት አለው!»

እውነቷን ነው። የውሃው መጠን በእሳቱና በድስቱ ውፍረት ስለሚለያይ ሚሊሊትር ብጽፍ ቁጥሩ ሌላ ምድጃ ላይ አይሠራም። በቁጥሩ ፈንታ የጻፍኩት ምልክቱን ነው፦ ማማሰያው ሲጎተት የድስቱ ቂጥ ደርቆ ከታየና ሽንኩርቱ መያዝ ከጀመረ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ያህል የፈላ ውሃ ጨምሪ፤ ሳይደርቅ አትድገሚ። ዘይቱና በርበሬው ከገቡ በኋላም እንዲሁ ነው። ጥሬ በርበሬ ጉሮሮ ይቧጥጣል፤ የበሰለው ሽታው ይለወጣል፣ ዘይቱም ከቁሌቱ ተለይቶ ድስቱ ዳር ላይ ይወጣል። «20 ደቂቃ» ብቻ ብጽፍ ልጅቷ ሰዓት እያየች ጥሬውን ታወርደው ነበር። ደቂቃውን የጻፍኩት ምን ያህል ጊዜ ይዛ መቆም እንዳለባት እንድታውቅ ያህል ብቻ ነው።

ዶሮዋ ላይ ግን ሰዓቱ ራሱ ይገለበጣል። የአክስቴ የአበሻ ዶሮ ጠንካራ ናት፤ ቁሌቱ ውስጥ ከሰዓት በላይ ብትንተከተክ አትፈርስም። የአሜሪካ ሱቅ ዶሮ ብዙውን ጊዜ የሳምንታት ዕድሜ ያላት ለስላሳ ናት። ከዚህ ላይ ከፍታው አለ፦ አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች ውሃ 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ይፈላል፤ ሜሪላንድ ዝቅታው ላይ 100 ዲግሪ ይደርሳል። የአክስቴ ሰዓት እንዳለ ቢሻገር ሥጋው ከአጥንቱ ተላቆ ወጡ ውስጥ ይበተናል። ስለዚህ ቁሌቱ ዶሮው ከመግባቱ በፊት ሙሉ በሙሉ ይብሰል፣ ዶሮው ከገባ ከግማሽ ሰዓት በኋላ በሹካ ይፈተሽ ብዬ ጻፍኩ። አሮጊት የእንቁላል ዶሮ ከተገኘች የአክስቴ ሰዓት ይመለሳል።

12ቱን ብልት በስም መተርጎም ሞክሬ ተውኩት። ለፈረሰኛና ለመላላጫ ልክ የሚገጥም የእንግሊዝኛ ሥጋ ቤት ስም አላገኘሁም፤ እዚያ ዶሮ አብዛኛውን ጊዜ በስምንት ነው የሚቆረጠው። ሥዕል ሣልኩና ስሞቹን በአማርኛ ጻፍኩበት። ልጅቷ ቆዳውን መግፈፍ እንዳትረሳ ግን አስምሬበታለሁ።

መከለሻው ላይ ስሞች ያጭበረብራሉ። ኮረሪማ ብዙ ቦታ «ካርዳሞም» ተብሎ ይተረጎማል፤ አንዳንዱ ደግሞ በመልክ ስለሚመስለው «ጥቁር ካርዳሞም» ይለዋል። የሕንዱ ጥቁር ካርዳሞም በጭስ የሚደርቅ ስለሆነ ወጡን ጭስ ጭስ ያሰኘዋል። ካልተገኘ ትንሹን አረንጓዴ ሄል በጥቂቱ መጨመር ይሻላል፤ እሱም ቢሆን ሌላ ቅመም ነው፣ ሽታው ይበልጥ ሰላ ይላል። ጥቁር አዝሙድ የገባበት ቤት «ብላክ ኩሚን» ብሎ ቢያዝዝ ሌላ ዘር ሊመጣለት ይችላል፤ ሕንድ ሱቅ «ካሎንጂ» ብሎ መጠየቅ ነው። ነጭ አዝሙድ እዚያው «አጅዋይን» ነው። ኮሰረትን ኦሬጋኖ ብለው የሚጽፉ አሉ፤ እኔ ከቅቤው ዝርዝር ውስጥ «ካላገኘሽ ተይው» ብዬ አለፍኩት። የተሳሳተ ቅመም ከጎደለ ቅመም ይልቅ ቅቤ ያበላሻል።

የመጨረሻው ጽሑፍ ሁለት ገጽ ሞላ። አክስቴ ገጾቹን ገልበጥ ገልበጥ አድርጋ «ይህን ሁሉ እኔ ነኝ ያልኩት?» አለችና ጨውን የት እንደጻፍኩት ጠየቀችኝ። ጨውን እሷም አልነገረችኝም፤ ሲወርድ ቀምሳ ነው የምታስተካክለው። መጨረሻው መስመር ላይ ጨመርኩት።