ጤናማ ምግብ ጀመርኩ፤ ሆዴ ግን ተነፋ

ሐኪሙ «ስኳርህ ከፍ እያለ ነው፤ ነጭ ዳቦና ፓስታ ቀንስ፣ ጥራጥሬና አትክልት አብዛ» ይለዋል። ሰውዬው ምክሩን ከልቡ ተቀብሎ በማግስቱ አመጋገቡን ከሥር መሠረቱ ይለውጣል። በሦስተኛው ቀን ሱሪው ይጠብበዋል፣ ሆዱ ይጮኻል፣ ስብሰባ ላይ መቀመጥ ያሳቅቀዋል። ሳምንት ሳይሞላው «ይሄ ምግብ ለእኔ አይሆንም» ብሎ ወደ ነጭ ዳቦው ይመለሳል። ከቅበላው ሥጋና ቅቤ ድንገት ወደ ሽሮ፣ ምስርና ባቄላ የሚሻገሩ ብዙ ጿሚዎችም በዐቢይ ጾም የመጀመሪያ ሳምንት ይህንኑ ያማርራሉ። ሆዳቸው ውስጥ ምን እየሆነ እንደሆነ ቢያውቁ ብዙዎቹ ምግቡን ባልተዉት ነበር።

አሰር የሚባለው ምንድን ነው? ጋዝስ የሚፈጥረው ለምንድን ነው?

አሰር ወይም ፋይበር ከእህል፣ ከጥራጥሬ፣ ከአትክልትና ከፍራፍሬ የምናገኘው፣ የሰው ሰውነት ሊፈጨው የማይችለው ክፍል ነው። ትንሹ አንጀታችን ስታርችን፣ ፕሮቲንንና ቅባትን ሰባብሮ ወደ ደም ያስገባል። አሰርን የሚሰብር ኢንዛይም ግን ስለሌለው እንዳለ ወደ ትልቁ አንጀት ያሳልፈዋል። ጥራጥሬ ደግሞ ከአሰሩ በተጨማሪ ራፊኖስና ስታኪዮስ የሚባሉ ስኳሮች አሉት። እነሱንም ትንሹ አንጀት መሰባበር አይችልም።

ትልቁ አንጀት ውስጥ እጅግ ብዙ ባክቴሪያ ይኖራል። ለእኛ ያልተፈጨልን ለእሱ ቀለቡ ነው። ሥራው ከሊጥ መቡካት ጋር አንድ ዓይነት ነው፤ እርሾ የገባበት ሊጥ አረፋ የሚያወጣውና እንጀራው ዓይን የሚያበጀው በውስጡ ያሉት ረቂቅ ተሕዋስያን ዱቄቱን ሲያብላሉ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ስለሚለቁ ነው። አንጀት ውስጥም አሰሩ ሲብላላ ካርቦን ዳይኦክሳይድና ሃይድሮጂን፣ በአንዳንድ ሰው ላይ ደግሞ ሚቴን ይወጣል። በዚያው ሂደት አጫጭር የቅባት አሲዶች ይፈጠራሉ፤ ከነሱ አንዱ የሆነው ቡቲሬት ለትልቁ አንጀት ግድግዳ ሕዋሳት ዋና ምግባቸው ነው። ስለዚህ ጋዙም ጥቅሙም የሚመጡት ከአንድ ሥራ ነው።

ጋዝ ማውጣት በራሱ በሽታ አይደለም። ጤነኛ ሰው በቀን ከ10 እስከ 20 ጊዜ ያህል ጋዝ ያወጣል። አብዛኛው ጋዝ ሽታ የለውም፤ የሚሸተው ድኝ ያለባቸው ጥቂት ውሁዶች ሲቀላቀሉበት ነው። ጎመን፣ ሽንኩርት፣ እንቁላልና ሥጋ ሽታውን ይጨምሩታል።

ምሳዬን ምስር በልቼ ሆዴ የሚነፋው ማታ ነው። እራቱ ይሆን?

አይመስልም፤ ምሳው ነው። ምግቡ ትንሹን አንጀት ጨርሶ ትልቁ አንጀት እስኪደርስና መብላላት እስኪጀምር ሰዓታት ይወስዳል። ብዙ ሰው ግን ሆዱ በተነፋበት ሰዓት የበላውን ይወቅሳል፤ በዚህ የተነሳ ያለ ጥፋቱ ከማዕድ የሚባረር ምግብ አለ። ገና ከማዕድ ሳይነሱ የሚመጣ ግሳት ግን ሌላ ነው። እሱ ባብዛኛው ቶሎ ቶሎ ሲበሉ ወይም ለስላሳ ሲጠጡ የገባ አየር ነው። የእርስዎን ለማወቅ ለጥቂት ቀናት የበሉበትንና የተነፉበትን ሰዓት ጎን ለጎን ይጻፉ።

ምስርና ጎመን ድሮም እበላ ነበር። አሁን ለምን ከበደኝ?

ምናልባት መጠኑን ልብ አላሉትም። ቁርሱን ነጭ ዳቦ በሻይ፣ ምሳውን ፓስታ ወይም ሩዝ፣ እራቱን ዳቦ በእንቁላል የሚበላ የቢሮ ሠራተኛ እንውሰድ። በቀን የሚያገኘው አሰር 12 ግራም ቢሆን ነው። ምክሩን ሰምቶ በማግስቱ ቁርሱን አንድ ሳህን የአጃ ገንፎ (4 ግራም) ከነልጣጩ ከተበላ ፖም (4 ግራም) ጋር አደረገ። ምሳው ላይ አንድ ኩባያ የበሰለ ምስር (15 ግራም) በላ። ከሰዓት በኋላ በእጁ ሙሉ የገብስ ቆሎ ቆረጠመ፤ 50 ግራም ያህል ቆሎ 8 ግራም ገደማ አሰር አለው። ማታ ግማሽ ኩባያ የሽንብራ ንፍሮ (6 ግራም) እና ጥቅል ጎመን (3 ግራም) ጨመረበት።

ድምሩ 40 ግራም ነው። ከ12 ወደ 40፣ ያውም በአንድ ቀን። እያንዳንዱ ምግብ ለብቻው ሲታይ ምንም አይወጣለትም፤ ሁሉም በአንድ ላይ ሲመጡ ግን ትንሽ ቀለብ የለመደው የአንጀት ባክቴሪያ ከሦስት እጥፍ በላይ ይቀርብለታል። ጋዙ በደም ተመጦ በሳንባ ከሚወጣው፣ በሌሎች ባክቴሪያዎች ከሚበላውና በታች ከሚወጣው በላይ ሲመረት ይጠራቀማል፣ አንጀትን ይለጥጣል።

ሰው ከሰው ይለያያል። ተመሳሳይ ጋዝ እያላቸው አንዱ ምንም ሳይሰማው ሌላው ሊሰቃይ ይችላል። አንጀታቸው ስሱ የሆነ፣ በተለይ የአንጀት መቆጣት የሚባለው ሕመም ያለባቸው ሰዎች ለትንሹም መለጠጥ ሕመም ይሰማቸዋል። ስለዚህ «ጓደኛዬ ይህንኑ በልቶ ደህና ነው» ማለት ለእርስዎ መለኪያ አይሆንም።

ይለመዳል ወይስ እንዲህ እንደሆንኩ እቀራለሁ?

ለአብዛኛው ሰው ይለመዳል። ጊዜውም በቀናት ሳይሆን በሳምንታት ነው የሚቆጠረው። በስፔን ባርሴሎና ተመራማሪዎች ለጤነኛ ሰዎች ባክቴሪያ የሚያብላላው የስኳር ዓይነት ለሦስት ሳምንት በየቀኑ ሰጥተው፣ እ.ኤ.አ. በ2017 ባሳተሙት ጥናት የተገኘው ይኸው ነበር። መጀመሪያ የተሳታፊዎቹ ጋዝ ጨመረ፤ ያንኑ መውሰዳቸውን ሳያቋርጡ በሦስተኛው ሳምንት መጨረሻ ወደ ቀድሞው መጠን ተመለሰ። የባክቴሪያዎቹ ስብጥርና አሠራር ስለተለወጠ ያው ቀለብ ያነሰ ጋዝ ይሰጥ ጀመር ማለት ነው።

በአምስተኛው ቀን ተስፋ የሚቆርጥ ሰው እንግዲህ የሚያቋርጠው ልምዱ ሊጀምር ሲል ነው። አቋርጦ ከወር በኋላ እንደገና በአንድ ጊዜ ሲጀምር ደግሞ ያው መነፋት ይጠብቀዋል።

ታዲያ በስንት ልጀምር?

በሳምንት 5 ግራም ገደማ መጨመር ለብዙዎች ይስማማል። የቢሮ ሠራተኛችን በመጀመሪያው ሳምንት ቁርሱን ብቻ ወደ አጃ ይለውጥ፤ ምሳውንና እራቱን አይንካ። በሁለተኛው ሳምንት ምሳው ላይ አምስት የሾርባ ማንኪያ ምስር ይጨምር። አንድ ማንኪያ የበሰለ ምስር 1 ግራም ያህል አሰር ስላለው ለመቁጠር ይመቻል። በሦስተኛው ሳምንት ፖሙን ያክል። በዚህ አካሄድ በሦስተኛው ሳምንት 25 ግራም አካባቢ ይደርሳል፤ የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው ቢያንስ በቀን ይበላ የሚለውም ይህንኑ መጠን ነው። ቆሎውና ንፍሮው ከዚያ በኋላ በጥቂት በጥቂቱ ይምጡ።

አንዱ እርምጃ ሆዱን ከነፋው ወደ ዜሮ አይመለስ፤ ወደ ቀዳሚው ሳምንት መጠን ዝቅ ብሎ ሆዱ እስኪረጋጋ ይቆይና እንደገና ይሞክር። በአንድ ሳምንት ሁለት አዲስ ምግብ አለመጀመርም ትልቅ ነገር ነው፤ ችግር ቢመጣ የትኛው እንደሆነ ይታወቃልና።

ከምግብ በኋላ ትንሽ በእግር መሄድ ጋዙን ወደፊት ይገፋዋል፤ ወዲያው መተኛት ግን አይረዳም። ውሃም አብሮ መጨመር አለበት። አሰር ውሃ ይዞ ነው ዓይነ ምድርን የሚያለሰልሰው፤ ውሃው ካነሰ ሰገራ ይደርቃል፣ ድርቀት ይመጣል፣ ጋዙም መውጫ ያጣል። አሰር ጨምረው የተነፉ ሰዎች መጀመሪያ ሊጠይቁት የሚገባው ጥያቄ «በየቀኑ በደንብ እየወጣልኝ ነው?» የሚለው ነው።

ጥራጥሬውን ስናዘጋጅ ልናደርገው የምንችለው ነገር አለ?

አለ፣ እናቶቻችንም ያውቁታል። ባቄላውን ወይም ሽንብራውን አዳር መዘፍዘፍና የዘፈዘፉበትን ውሃ መድፋት ነው። ከላይ ያነሳናቸው ራፊኖስና ስታኪዮስ በውሃ ስለሚሟሙ ከፊሎቹ ከውሃው ጋር አብረው ይሄዳሉ። በዚያው ውሃ መቀቀል ግን የወጣውን መልሶ መጠጣት ነው። ከተዘፈዘፈ በኋላ በአዲስ ውሃ እስኪልም ድረስ ይቀቀል።

ከሁሉም የምወደው ግን በቆልት ነው። ባቄላው ሲበቅል እነዚያኑ ስኳሮች ለራሱ ማደጊያ ይጠቀምባቸዋል፤ እኛ ጋ ሲደርስ የቀረው ጥቂት ነው። በጾም ጊዜ ባቄላ የሚከብደው ሰው ከንፍሮ ይልቅ በበቆልት ቢጀምር ልዩነቱን ያየዋል። ቆሎ ግን ውሃ ሳይነካው የሚቆላ ስለሆነ ከውስጡ የሚወጣለት ነገር የለም፤ በዚያ ላይ በወሬ መሃል ሳይታወቅ ይበዛል።

አሰር ላይሆን የሚችለውስ መቼ ነው?

በመጀመሪያ አጃውን በምን እንዳበሰሉት ያስቡ። ላክቶስ የተባለው የወተት ስኳር የማይፈጭላቸው አዋቂዎች በእኛም አገር ብዙ ናቸው፤ አጃ በወተት ጀምሮ ሆዱ የተነፋ ሰው አጃውን ከመክሰሱ በፊት ለሳምንት በውሃ ይሞክረው።

አሰሩን ወደ ቀድሞው መጠን መልሰው ሳለ መነፋቱ ከሦስትና አራት ሳምንት በላይ ከቀጠለ ሐኪም ይዩ። ሰገራ ውስጥ ደም ካለ፣ ሳይፈልጉ ክብደት ከቀነሱ፣ ትኩሳት ወይም ከእንቅልፍ የሚቀሰቅስ ተቅማጥ ካለ ደግሞ ያን ያህል እንኳ አይጠብቁ። ሆድዎ ተነፍቶ ከባድ ሕመም እያለ ጋዝም ሰገራም አልወጣ ካለ፣ በተለይ ማስታወክ ከታከለበት፣ ያኔውኑ ወደ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ፤ አንጀት ተዘግቶ ሊሆን ይችላል።

አንድ ነገር ግን አጥብቄ ልለምናችሁ። ሆድ በተነፋ ቁጥር «አሜባ ነው» ብሎ ከፋርማሲ ሜትሮኒዳዞል ገዝቶ መዋጥ በአገራችን የተለመደ ነው። አሜባና ጃርዲያ በርግጥ አሉ፤ ጃርዲያ ሆድ ይነፋል፣ መጥፎ ሽታ ያለው ተቅማጥም ያመጣል። ነገር ግን መድኃኒቱ ኦክስጅን የማይፈልጉ ባክቴሪያዎችን ጭምር ይገድላል፤ ጋዙን የሚያመርቱት የትልቁ አንጀት ባክቴሪያዎች ደግሞ ባብዛኛው ከነሱ ወገን ናቸው። ስለዚህ አሜባ የሌለበት ሰውም ክኒኑን ውጦ ለጥቂት ቀን ሊቀለው ይችላል፤ «አሜባ እንደነበረብኝ ይኸው ታወቀ» ይላል። የተገደሉት ግን ምስሩን መልመድ የጀመሩት ባክቴሪያዎች ሊሆኑ ይችላሉ። እባካችሁ ክኒኑን ከመዋጣችሁ በፊት ሰገራችሁን አስመርምሩ።