ሰንጋው መዋጮ ነው ወይስ ስጦታ?

ጥምቀት አልፎ ዐቢይ ጾም እስኪገባ ባሉት ሳምንታት ሰርግ ይደራረባል። በጾሙ ተክሊል ስለሌለ ድንኳኑም፣ ጠጁም፣ መዋጮውም በጥድፊያ ይያዛል። ቅሬታ የሚወለደውም በዚህ ጥድፊያ መሀል ነው፤ በተለይ ከወንድም ሚስት ጋር። ወንድምና እህት ሲመካከሩ እሷ ብዙ ጊዜ አትኖርም፤ ከቤቷ የሚወጣውን ብር ግን አሳምራ ታውቃለች።

አምስት ወንድምና እህት ታናሻቸውን ሊድሩ በየቤቱ 40,000 ብር ለማዋጣት ተስማሙ እንበል። አራቱ ለገንዘብ ያዧ እህት በባንክ አስገቡ። የታላቅ ወንድም ሚስት ደግሞ በ95,000 ብር ሰንጋ ገዝታ አመጣች። ገንዘብ ያዧ ሰንጋውን እንደ ስጦታ ቆጥራ፣ በቤተሰቡ የቴሌግራም ግሩፕ በለጠፈችው ዝርዝር ከወንድሟ ስም ፊት «ያልገባ» ብላ ጻፈች። ሚስቲቱ ቃል አልተነፈሰችም፤ ሽንኩርት ሊከተፍ የተቀጠረ ቀን ግን ቀረች።

ለእሷ ብቻ የሚላከው መልእክት እንዲህ ሊሆን ይችላል፦

«እትዬ፣ እንደምን ዋሉ? ትናንት ሲቀሩ ዝርዝሩ እንዳስቀየመዎት ገባኝ። ሰንጋው የተገዛው በ95,000 ብር መሆኑን አውቃለሁ። ስጦታ መስሎኝ ነው፤ ሳልጠይቅዎት መጻፌ ግን ጥፋቴ ነው። 40,000ው የእናንተ መዋጮ፣ 55,000ው ለሙሽራዋ ስጦታ ተብሎ ይመዝገብ ወይስ ሌላ ሐሳብ አለዎት? ማታ እደውልልዎታለሁ፤ እንዳሉኝ አድርጌ እዚያው ግሩፑ ላይ አስተካክላለሁ።»

የመልእክቱ ጥንካሬ የወጣውን ብር ስሙንና መጠኑን ጠርቶ ማወቁ ላይ ነው። «ሳንግባባ ቀርተን ይሆናል፣ ይቅርታ» ብቻ ቢባል ሂሳቡ እንደተንጠለጠለ ይቀራል። ስሟ የተነካው በሰው ፊት ስለሆነ እርማቱም በዚያው ሰው ፊት መሆን አለበት፤ ማብራሪያው ግን ለብቻ። ነገሩን በባልየው በኩል ማስተላለፍ ቀላል ይመስላል፤ በእህቱና በሚስቱ መካከል የቆመ ሰው ግን ከሁለቱም ወገን ቃሉን ቆንጥሮ ነው የሚያደርሰው። ያለፈውን ተዝካር ወይም ክርስትና ማንሳትም አዲስ ጠብ ይከፍታል።

አንድ የሚቀር ጥያቄ አለ። 200,000 ብር ይገባል ተብሎ ታቅዶ በጥሬው የገባው 160,000 ነው። በዕቅዱ የሥጋ ወጪ ተይዞ ከነበረ ሰንጋው ያን ስለሸፈነ ጉድለት የለም። ሥጋው ከመጀመሪያውም በሌላ ሰው የሚሸፈን ከነበረና ብሩ ለድንኳንና ለመጠጥ ተመድቦ ከሆነ ግን 40,000 ብር ይጎድላል። ይህን እትዬ በስልክ በግልጽ ሊሰሙት ይገባል፤ ሰርጉ ካለፈ በኋላ ቢነገራቸው የተደበቀ ይመስላል።

መዋጮ የምትይዙ ሁሉ፣ ዝርዝሩን ስታወጡ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ «በጥሬ ብር» እና «በዓይነት» ብላችሁ ለዩት፤ በዓይነት የመጣውንም ከመመዝገባችሁ በፊት ያመጣውን ሰው ጠይቁ።