ተረኛው ሲቀየር ቲኬቱ የማን ነው?

በባንኮች የቴክኒክ ድጋፍ ክፍል ሌሊቱን ተረኛ ሆነው የሚያድሩ ባለሙያዎች አሉ። ኤቲኤም ብር ሳይሰጥ ከሂሳብ ሲቀንስ፣ የቅርንጫፍ መስመር ሲቋረጥ፣ የሞባይል ባንኪንግ ሲቆም አቤቱታው ቲኬት ሆኖ ይመዘገብና ወረፋ ይገባል። ጠዋት ኃላፊው ብዙውን ጊዜ የሚያየው ግን አንድ ቁጥር ነው፤ በአማካይ በስንት ደቂቃ ምላሽ ተሰጠ የሚለውን።

አንድ ሌሊት 20 ቲኬት ገባ እንበል። 19ኙ በ10 በ10 ደቂቃ መልስ አገኙ፤ አንዱ ግን 5 ሰዓት ጠበቀ። አማካዩ 24 ደቂቃ ተኩል ይሆናል። የተፈቀደው ጊዜ 30 ደቂቃ ከሆነ ሪፖርቱ ላይ ምንም ጉድለት አይታይም፤ 5 ሰዓት የጠበቀው ሰው ግን ጠብቋል። ስለዚህ ከአማካዩ ጎን ከሁሉ የዘገየው ቲኬት መታየት አለበት። ሲስተሙ በራሱ የሚልከው «ጥያቄዎ ደርሶናል» የሚለው መልእክትም እንደ ምላሽ መቆጠር የለበትም፤ ሰዓቱ መቆም ያለበት ሰው አንብቦ ሲመልስ ነው።

ችግሩን ለመፍታት የወሰደው ጊዜ ሲሰላ ደግሞ ነገሩ ይብሳል። ይህ አማካይ የሚወጣው ከተዘጉ ቲኬቶች ነው። ሳይዘጋ የከረመው ቲኬት ስሌቱ ውስጥ ስለማይገባ፣ አሮጌውን ትቶ ቀላል ቀላሉን የሚዘጋ ቡድን ጎበዝ ይመስላል። የተጠራቀመውን ለማጽዳት የተነሳው ቡድን ደግሞ በዚያው ሳምንት ቁጥሩ ይበላሽበታል። ይህን ሳያውቅ ተረኞቹን የሚገስጽ ኃላፊ አሮጌውን እንዳይነኩ እያስተማራቸው ነው።

አንዱን ቲኬት እንከተለው። ሰኞ ማታ 4፡40 ላይ አንድ ደንበኛ 4,000 ብር ሊያወጣ ሞክሮ ኤቲኤሙ ብሩን ሳይሰጠው ከሂሳቡ ቀነሰበት። የሌሊቱ ተረኛ በ6 ደቂቃ መለሰለት፤ የማሽኑን የሥራ መዝገብ እንዲልክ ለቅርንጫፉ ጻፈና ቲኬቱን Pending አደረገው። ከሌላ ወገን መልስ ስለሚጠበቅ ሰዓቱ ቆመ። ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ፈረቃ ሲለወጥ በርክክብ ማስታወሻው ላይ የሰፈረው «የኤቲኤም ጉዳይ፣ በሂደት ላይ» የሚል ብቻ ነበር። 3 ሰዓት ላይ ቅርንጫፉ መዝገቡን ላከ፤ እንደ ውስጥ ማስታወሻ ስለገባ ግን ቲኬቱ ከ Pending አልወጣም። የቀኑ ተረኞች ባለቤት የሌላቸውን ቲኬቶች ሲያዩ ይሄኛው ባለቤት አለው፤ ባለቤቱ ግን ቤቱ ተኝቷል። ማክሰኞ ሌሊት ዕረፍቱ ነው። ረቡዕ ማታ 2 ሰዓት ሲገባ ቲኬቱ ከ45 ሰዓት በላይ ሆኖታል። ዳሽቦርዱ የቆጠረው ጥቂት ደቂቃ ነው።

እዚህ ውስጥ ሰነፍ ሰው የለም። የጎደለው ክትትል ነው፣ እሱም ሁለት ነገር ይበቃዋል። አንደኛው ያልተዘጉ ቲኬቶችን ሁሉ፣ Pending ያሉትንም ጨምሮ፣ ከተከፈቱበት ሰዓት ጀምሮ በዕድሜ መደርደር ነው። ጠቅላላው ቁጥር ሳይለወጥ ከ3 ቀን በላይ የቆዩት እየበዙ ከሄዱ፣ ቡድኑ አዲሱን ብቻ እያስተናገደ ነው ማለት ነው። በእርግጥ አንዳንዱ ቲኬት አቅራቢ ኩባንያ መልስ እስኪሰጥ መቆየቱ የግድ ነው። ያም ቢሆን ማን፣ መቼ መልሶ እንደሚያየው ሊጻፍበት ይገባል። ሁለተኛው «ባለቤቱ አሁን ተረኛ ያልሆነ» የሚል ዝርዝር ነው። ፈረቃ በተለወጠ በሩብ ሰዓት ውስጥ ይህ ዝርዝር ባዶ መሆን አለበት። የእኛ ቲኬት ማክሰኞ ጠዋት እዚያ ላይ ይገኝ ነበር።

ርክክቡን በተመለከተ ከሐኪሞች የሚቀዳ ልምድ አለ። እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ ጥናት በሰሜን አሜሪካ 9 ሆስፒታሎች የሕፃናት ሕክምና ክፍሎች አይፓስ የተባለውን የርክክብ ሥርዓት ሲጀምሩ የሕክምና ስህተት በ23 በመቶ መቀነሱን አሳይቷል። የሥርዓቱ የመጨረሻ ደረጃ ተቀባዩ የሰማውን በራሱ ቃል መልሶ እንዲናገር ይጠይቃል። የባንኩ ተረኛም «4,000 ብር ያልወጣለት ደንበኛ አለ፤ መዝገቡን ከቅርንጫፉ እየጠበቅን ነው፤ እስከ ረፋድ 4 ሰዓት ካልመጣ እኔ እደውላለሁ» ብሎ ከመለሰና ቲኬቱን በስሙ ካዞረ፣ ጉዳዩ እጅ ለእጅ ተላልፏል።

ማስታወሻው ላይ የሚጻፈው ሰዓት ደግሞ ለብቻው ጥንቃቄ ይፈልጋል። ብዙ ሲስተሞች የሚመዘግቡት በ UTC ነው፤ 05:00 የሚለው በእኛ ጠዋት 2 ሰዓት ነው። ስልኩ ላይ 05:00 የሚያይ ሰው ሌሊት 11 ሰዓት ይለዋል፤ ማስታወሻ ላይ «5 ሰዓት» ብሎ የጻፈው ተረኛ ደግሞ ረፋዱን ማለቱ ይሆናል። «ረፋድ 5 ሰዓት፣ በስልክ 11:00» ብሎ መጻፍ ከዚህ ያድናል።