«ማተም አይፈቀድም» የሚለው ፒዲኤፍ ምን ያህል ተቆልፏል?

መጽሐፉን በፒዲኤፍ አዘጋጅቶ በቴሌግራም የሚሸጥ ደራሲ አለ እንበል። ፋይሉን ለገዢዎች ከመላኩ በፊት ማተምና ኮፒ ማድረግ እንዳይቻል ይዘጋዋል። ገዢው ፋይሉን ሲከፍት ፓስወርድ አይጠየቅም፤ ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው ያነባል። ለማተም ሲሞክር ግን የማተሚያው ምልክት ደብዝዞ ያገኘዋል፤ አንድ አንቀጽ መርጦ ልቅዳ ቢልም አይሆንለትም። አንዲት የሒሳብ ሠራተኛ ደግሞ የድርጅቷን የደመወዝ መዝገብ ለሥራ አስኪያጇ ስትልክ፣ ፋይሉ ገና ሲነካ ፓስወርድ እንዲጠይቅ ታደርጋለች። ሁለቱም «ፒዲኤፉን ቆልፌዋለሁ» ይላሉ። የሠሩት ሥራ ግን ለየቅል ነው፤ የሒሳብ ሠራተኛዋን መዝገብ የሚጠብቀው ምስጠራ ሲሆን፣ የደራሲውን መጽሐፍ የሚጠብቀው የማንበቢያ ፕሮግራሙ በጎ ፈቃድ ብቻ ነው።

በአዶቤ አክሮባት የደኅንነት ሳጥን ውስጥ ሁለቱ ምርጫዎች ተቀራርበው ስለተቀመጡ መምታታታቸው አይገርምም። አንደኛው `Require a password to open the document` ይላል፤ ይህ የመክፈቻው ፓስወርድ ነው። ሁለተኛው `Restrict editing and printing of the document` ይላል፤ እሱም የራሱን ፓስወርድ ይጠይቃል፤ የፈቃድ ፓስወርድ እንበለው። ሁለቱም ፓስወርድ ስለሚያስገቡ እኩል ጠንካራ ይመስላሉ።

የመክፈቻ ፓስወርድ የተደረገበት ፋይል ውስጡ ያለው ጽሑፍና ምስል ተመስጥሯል። ምስጢሩን የሚፈታው ቁልፍ የሚገኘው ከፓስወርዱ ነው። ፓስወርዱን የማያውቅ ሰው ፋይሉን በየትኛውም ፕሮግራም ቢከፍተው የሚያገኘው ትርጉም የለሽ የቁጥር ክምር ነው። እዚህ ላይ የፕሮግራሙ ጨዋነት ምንም ሚና የለውም፤ ሕግ የማያከብር ፕሮግራምም ቁልፍ ከሌለው አያነብም።

የደራሲው ፋይልም እንዲሁ ተመስጥሯል። ነገር ግን የመክፈቻ ፓስወርዱ ባዶ ነው፤ አንድም ፊደል የለበትም። ማንኛውም የፒዲኤፍ ማንበቢያ የተመሰጠረ ፋይል ሲያጋጥመው አስቀድሞ ባዶ ፓስወርድ ይሞክራል፤ ከዚያም ቁልፉን አግኝቶ ፋይሉን ይፈታዋል። ገዢው ምንም ሳይጠየቅ ማንበብ የቻለው ለዚህ ነው። በዚያች ቅጽበት ፕሮግራሙ መጽሐፉን ሙሉ በሙሉ በእጁ አስገብቷል። ጽሑፉን ለማሳየት የሚያስፈልገው ቁልፍና ለማተም የሚያስፈልገው ቁልፍ አንድ ናቸውና፣ ለማተም ብቻ የተለየ ሌላ ቁልፍ የለም።

ታዲያ ክልከላው የት ነው የተጻፈው? በፋይሉ ውስጥ በአንዲት ቁጥር ነው። `qpdf` የተባለው ነጻ ፕሮግራም ያለው ሰው የደራሲውን ፋይል እንዲህ ብሎ ሊመረምረው ይችላል፦

```
qpdf --show-encryption metsihaf.pdf
```

ከመልሱ ዋና ዋናዎቹ መስመሮች እነዚህ ናቸው፦

```
R = 6
P = -2072
extract for any purpose: not allowed
print low resolution: not allowed
print high resolution: not allowed
```

ክልከላው በሙሉ ያለው `P` ፊት ለፊት በተጻፈው ቁጥር ነው። ሁሉም ነገር የተፈቀደበት ፋይል በዚህ ቦታ -4 ይኖረዋል። ተራ ማተም ሲከለከል 4፣ ጥራት ያለው ማተም ሲከለከል 2048፣ ኮፒ ማድረግ ሲከለከል 16 ይቀነስበትና -2072 ይሆናል። ፕሮግራሙ ይህን ቁጥር አንብቦ የማተሚያውን ምልክት ያደበዝዛል። አንብቦ ችላ ቢለው የሚያግደው ነገር የለም።

ይህ ተደብቆ የኖረ ጉድለት አይደለም። የፒዲኤፍ ዓለም አቀፍ መስፈርት ራሱ፣ ሰነዱ አንዴ ከተከፈተ በኋላ ፕሮግራሙ ይዘቱን በሙሉ እንደሚያገኝና ክልከላዎቹን ማክበር የፕሮግራም ሠሪዎች ኃላፊነት እንደሆነ በግልጽ ያስቀምጣል። አክሮባትም ክልከላ ሲደረግ፣ የሌሎች ድርጅቶች ፕሮግራሞች ላያከብሩት እንደሚችሉ ያስጠነቅቃል። በተግባርም የሚታየው ይኸው ነው። ፋየርፎክስ ውስጥ የኮፒ ክልከላን የሚያስከብር `pdfjs.enablePermissions` የሚባል ማስተካከያ አለ፤ ሲጫን ግን ጠፍቶ ነው የሚመጣው። ኦኩላር በተባለው የሊኑክስ ማንበቢያ ደግሞ ክልከላዎችን ላክብር ወይስ አላክብር የሚለውን ተጠቃሚው በአንዲት ሳጥን ይወስናል። ደራሲው ያየው የደበዘዘ ምልክት እሱ በሞከረው ፕሮግራም ላይ እውነት ነው፤ ገዢው በሚጠቀምበት ላይ ግን እውነት ላይሆን ይችላል። `qpdf --decrypt` የሚለው ትእዛዝም ክልከላ የሌለበት አዲስ ቅጂ በሰከንዶች ውስጥ ያወጣል፤ የፈቃድ ፓስወርዱንም አይጠይቅም።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው በዚህች በመጨረሻዋ ነጥብ ነው። ደራሲው የፈቃድ ፓስወርዱን ሠላሳ ፊደል ቢያደርገውና ቁጥርና ምልክት ቢቀላቅልበትም ለመጽሐፉ የሚጨምርለት ጥበቃ የለም። ፓስወርዱን ማንም መገመት አያስፈልገውም፤ ባዶው መክፈቻ ቁልፉን አስቀድሞ ሰጥቷልና።

የመክፈቻው ፓስወርድ ጥንካሬ ግን በእርግጥም ይለያያል። የሚወሰነውም በሁለት ነገሮች ነው፦ ፋይሉ በየትኛው ዘመን ምስጠራ እንደተዘጋና ፓስወርዱ ምን እንደሆነ።

በ1990ዎቹ የተሠሩት የፒዲኤፍ ፋይሎች ባለ 40 ቢት ቁልፍ ይጠቀሙ ነበር፤ በጊዜው አሜሪካ ጠንካራ ምስጠራ ወደ ውጭ እንዳይላክ ትገድብ ስለነበር ነው። ባለ 40 ቢት ቁልፍ ሊሆን የሚችለው አንድ ትሪሊዮን ገደማ ነገር ነው። በሰከንድ አሥር ሚሊዮን የሚሞክር ኮምፒውተር ሁሉንም በሠላሳ ሰዓት ገደማ ይጨርሳቸዋል። ፓስወርዱ የቱንም ያህል ረጅም ቢሆን አያድንም፤ ፈላጊው ፓስወርዱን ትቶ ቁልፉን ራሱን ይፈልጋልና። በ2001 በአክሮባት 5 ቁልፉ ወደ 128 ቢት፣ በ2008 በአክሮባት 9 ወደ 256 ቢት አደገ። እነዚህን ቁልፎች አንድ በአንድ ሞክሮ መጨረስ አይታሰብም። ከዚያ ወዲህ ሰባሪው የሚቀረው መንገድ ፓስወርዱን መገመት ብቻ ነው።

አክሮባት 9 ላይ የሆነው ነገር ግን ትልቅ ቁጥር ብቻውን እንደማይበቃ ያሳያል። ቁልፉ አድጎ ሳለ፣ አንድ ፓስወርድ ትክክል መሆኑን ማረጋገጫው ስሌት ከበፊቱ ይልቅ ቀላል ሆኖ ተሠራ። ፓስወርድ በመስበር ሥራ የታወቀው የሩሲያው ኤልኮምሶፍት በዚያው ዓመት፣ በአዲሱ ፋይል ላይ ግምት መሞከር ከቀድሞው መቶ ጊዜ ያህል እንደፈጠነ አስታወቀ። በ2010 በወጣው አክሮባት 10 ስሌቱ ሆን ተብሎ እንዲከብድ ተደረገ። ከላይ ባየነው መልስ `R = 6` የሚለው ይህን የተሻለውን ያመለክታል፤ `R = 5` ያ ደካማው ነው፤ `R = 2` ደግሞ የጥንቱ ባለ 40 ቢት። የቢሮ ኮምፒውተር ላይ ለዓመታት የቆየ ፕሮግራም የሚጠቀም ሰው የሚያወጣው ፋይል የትኛው እንደሆነ አንድ ጊዜ ቢያይ ይበጀዋል።

አሁን ወደ ሒሳብ ሠራተኛዋ እንመለስ። ፋይሏ `R = 6` ነው፤ ሰባሪው በሰከንድ አሥር ሺህ ግምት መሞከር ይችላል ብለን እንነሳ። ፓስወርዷ የልደት ቀኗ ከሆነ፣ የመቶ ዓመት ቀናት 36,500 ገደማ ናቸው። በኢትዮጵያም በአውሮፓም አቆጣጠር፣ ቀኑን፣ ወሩንና ዓመቱን በሦስት ዓይነት ቅደም ተከተል ቢጻፍ 219,000 ይሆናል። ይህ የሃያ ሁለት ሰከንድ ሥራ ነው። በ09 የሚጀምር ስልክ ቁጥር ከሆነ የሚቀሩት ስምንት አኃዞች መቶ ሚሊዮን አማራጭ ይሰጣሉ፤ ከሦስት ሰዓት ባነሰ ያልቃል። ስምንት የዘፈቀደ ትንንሽ የላቲን ፊደላት ሰባሪውን ስምንት ወር ያህል ያቆዩታል፤ መቶ ማሽን ያለው ግን በሁለት ቀን ተኩል ይጨርሰዋል። አሥራ ሁለት የዘፈቀደ ፊደላት ሲሆኑ ለአንዱ ማሽን 300,000 ዓመት ገደማ ይፈጅበታል። «የዘፈቀደ» የሚለው ቃል ይሰመርበት፤ የልጇ ስም ከዓመተ ምሕረት ጋር ተጣምሮ አሥራ ሁለት ፊደል ቢሞላም ይህን ያህል አይቆይም።

በአማርኛ ፊደል ፓስወርድ ማድረግ ይቻላል ወይ ለሚል፣ በ256 ቢቱ ይቻላል፤ በቀደሙት ግን የእኛ ፊደላት ቦታ አልነበራቸውም። ጥንቃቄ የሚያሻው ፓስወርዱ በስልክ ሲነገር ነው። በ«ሰ» የተዘጋ በ«ሠ» አይከፈትም፤ ሀ፣ ሐ እና ኀም ለፕሮግራሙ ሦስት የተለያዩ ፊደላት ናቸው። ተቀባዩ ትክክለኛውን ቃል እየጻፈ ፋይሉ እምቢ ካለው መጀመሪያ ይህን ይፈትሽ።

ሠራተኛዋ ሁለቱንም ምርጫ አንድ ላይ ልትጠቀም ትችላለች፤ መዝገቡ በፓስወርድ ይከፈት፣ ከተከፈተም በኋላ አይታተም ብላ። ያኔ ፋይሉ ሁለት በር እንዳለው ቤት ይሆናል። የፈቃድ ፓስወርዱም ራሱ ፋይሉን ይከፍታል፤ እንዲያውም ከነሙሉ መብቱ። የመክፈቻውን አሥራ ሁለት የዘፈቀደ ፊደል አድርጋ የፈቃዱን `1234` ካለችው፣ መዝገቡን የሚጠብቀው `1234` ነው። ሁለቱንም እኩል ታጠንክር። ፓስወርዱንም ፋይሉ በተላከበት የቴሌግራም መስመር አትላከው፤ ስልኩ በሌላ ሰው እጅ ቢገባ ሁለቱም አብረው ይገኛሉ። ከጠፋባትም መልሶ የሚሰጣት ድርጅት የለም፤ አዶቤም ቢሆን አያውቀውም።

ለደራሲው ደግሞ የመክፈቻ ፓስወርድም ቢሆን ሙሉ መልስ አይሆነውም። ገዢው ማንበብ አለበት፤ ለማንበብ ፓስወርዱ ያስፈልገዋል፤ ፓስወርዱን ያገኘ ሰው ደግሞ ከፋይሉ ጋር ለሌላ ሊያስተላልፈው ይችላል። ስክሪን ሾት ማንሳትም አለ። የሚያዋጣው መንገድ ለእያንዳንዱ ገዢ የተለየ ቅጂ አዘጋጅቶ በየገጹ ግርጌ የገዢውን ስም ማስፈር ነው። ይህ ማሰራጨትን አያቆምም፤ ነገር ግን ያሰራጨው ቅጂ ከማን እንደወጣ ያሳያል፤ ስሙ በየገጹ የተጻፈ ሰውም ከመላኩ በፊት ያስባል። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለደራሲው የሚሰጠው መብት ፋይሉ ቢቆለፍም ባይቆለፍም አብሮት ነው፤ የተበተነው ቅጂ ከማን እንደወጣ ማሳየት መቻሉም ክስ ቢመጣ ከደበዘዘው የማተሚያ ምልክት ይልቅ የሚጠቅመው እሱ ነው።