እንቁላል በሥጋ ተጠቅልሎ ሲጠበስ

እንግሊዞች ለሽርሽር ሲወጡ ከሚይዟቸው ምግቦች አንዱ ስኮች ኤግ ነው፤ በተቀመመ የተፈጨ ሥጋ ተጠቅልሎ የተጠበሰ ቅቅል እንቁላል። የለንደኑ ፎርትነም ኤንድ ሜሰን መደብር በ1738 እ.ኤ.አ. እኔ ፈጠርኩት ይላል። ማሪያ ራንደል በ1809 ባሳተመችው የምግብ መጽሐፍ ግን ትኩሱን ከመረቅ ጋር የሚቀርብ ነበር።

እዚያ የአሳማ ሥጋ ይለመዳል፤ የበሬ ሥጋም ይሆናል፣ ጥቂት ስብ ካለው። ሥጋው ከጨው፣ ከቁንዶ በርበሬና ከነጭ ሽንኩርት ጋር እስኪጣበቅ ድረስ በደንብ ይታሻል፤ ካልታሸ ሲጠበስ ይፈረካከሳል።

እንቁላሉ ከ6 እስከ 7 ደቂቃ ተቀቅሎ ወዲያው በቀዝቃዛ ውኃ ይነከራል። ተልጦ በደንብ ይደርቅና ዱቄት ይነሰነስበታል፤ እርጥብ እንቁላል ላይ ሥጋ አይይዝም። ለአንዱ እንቁላል 80 ግራም ያህል ሥጋ በእጅ ተዳምጦ ይጠቀለልበታል። ውፍረቱ እኩል፣ መጋጠሚያውም የተደፈነ መሆን አለበት። በሳሳው በኩል ይሰነጠቃልና።

ከዚያ ዱቄት፣ የተመታ እንቁላል፣ በመጨረሻም ደረቅ የዳቦ ፍርፋሪ።

ትልቁ ስህተት ዘይቱን ከልክ በላይ ማጋል ነው። ፍርፋሪው በ2 ደቂቃ ይጠቁራል፣ ሥጋው ግን ጥሬ ይቀራል። በ165 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ፣ እያገላበጡ 8 ደቂቃ ያህል መጥበስ ሁለቱንም ያደርሳል። ዘይቱ ከቀዘቀዘ ደግሞ ፍርፋሪው ዘይት ይመጣል፤ ስለዚህ ብዙ እንቁላል በአንዴ አይጨመርም።

ቀለም ብቻ አይታመንም። የሥጋው ሙቀት በምግብ ቴርሞሜትር 71 ዲግሪ መድረስ አለበት፤ መለኪያ ከሌለ አንዱን ቆርጦ ማየት ይገባል። የወጣው በወንፊት ሽቦ ላይ ይቀመጥ፤ ሳህን ላይ ከተቀመጠ እንፋሎቱ ከሥር ያረጥበዋል።