በሦስት ቋንቋ የተጻፈ ምልክት፦ የትኛውን እንተርጉም?

በጎላን ተራሮች የሽቦ አጥር ላይ የሚሰቀለው ቢጫ ምልክት በዕብራይስጥ፣ በአረብኛና በእንግሊዝኛ ይጻፋል። ሦስቱም የሚሉት አንድ ነው። ፎቶውን ለላከልን ሰው «አደጋ! ፈንጂ!» ብለን አንዴ ብንተረጉምለት ይበቃዋል፤ ሦስት ጊዜ ብንደጋግምለት ግን ሦስት የተለያየ መልእክት ያለ ይመስለዋል።

ችግሩ የሚመጣው ጽሑፎቹ እኩል ሳይሆኑ ሲቀሩ ነው። እስራኤል የምትኖር አንዲት እናት የአንድ ቢሮ በር ላይ የተለጠፈ ማስታወቂያ ፎቶ አንስታ ላከች እንበል። እንግሊዝኛው «ለጥገና ተዘግቷል» ብቻ ይላል። ዕብራይስጡ ግን አራት መስመር ነው፤ መካከሉ ላይ 8:00-12:00 የሚል ሰዓት፣ ከጎኑም «አሌፍ» እና «ሄ» የተባሉት ፊደላት አሉ። ዕብራይስጥ የሳምንቱን ቀናት በፊደል ስለሚቆጥር ይህ ከእሑድ እስከ ሐሙስ ማለት ነው። ስለዚህ ቢሮው የሚዘጋው በእነዚያ ቀናት ጠዋት ብቻ ነው። እንግሊዝኛው ስለቀለለው እሱን ብቻ የተረጎመላት ሰው ከሰዓት በኋላ መሄድ የምትችለውን እናት ቤት ያስቀራታል።

ቋንቋውን የማያውቅ ሰው እንኳ ልዩነቱን በዓይኑ ሊይዘው ይችላል። መስመሮቹን ያወዳድር፤ ከዚያ ቁጥሮቹን ይፈልግ። ቀን፣ ሰዓት ወይም ስልክ ቁጥር በአንዱ ኖሮ በሌላው ከጠፋ ጽሑፉ ድግግሞሽ አይደለም። እንዲህ ሲሆን የሚተረጎመው የተሟላው ነው። አጭሩም ቢሆን አይጣልም፤ ፎቶው ላይ የደበዘዘን ቃል ለማረጋገጥ ይረዳል። ሁለቱ ከተጋጩ፣ ለምሳሌ ሰዓቱ ከተለያየ፣ አንዱን መርጦ ዝም ከማለት ሁለቱንም ጽፎ ልዩነቱን ለላኪዋ መንገር ይሻላል።